ደብተሩ 25,000 ይላል፣ መሳቢያው 3,200፦ ልዩነቱ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሽያጭና ወጪ በየቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ወር የጻፍኩት ሽያጭ 96,000 ነው፣ ወጪው ደግሞ 71,000። 25,000 አተረፍኩ ብዬ መሳቢያውን ስቆጥር ያገኘሁት 3,200 ብቻ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ በዱቤ ይወስዳል፣ አንዳንዱ በስልክ ይልካል፣ ለቤት ሲያስፈልግም ከመሳቢያው አነሳለሁ። ረዳቴ እየሰረቀኝ ነው ወይስ አጻጻፌ ነው የተበላሸው?»

ረዳትዎን ከመጠርጠርዎ በፊት 25,000 የሚለው ቁጥር ምን እንደሆነ እንይ። ይህ ቁጥር ትርፍ አይደለም። መሳቢያው ውስጥ መገኘት የነበረበት ገንዘብም አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ መቀነስ ለመመለስ ሲሞክሩ የወጣ ቁጥር ነው። አንደኛው ጥያቄ «ገንዘቡ የት ነው?» የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው የጥሬ ገንዘብ መዝገብ ነው። ሁለተኛው «ሱቁ ስንት አተረፈ?» የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው የወር ማጠቃለያ ነው። የእርስዎ ደብተር ሁለቱን ስለቀላቀለ አንዱንም በትክክል አልመለሰም።

ከገንዘቡ እንጀምር። ያልጠቀሷቸውን ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል እኔ ልሙላቸው፤ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው። ወሩ ሲጀምር መሳቢያው ውስጥ 8,000 ነበር እንበል። ከ96,000ው ሽያጭ 14,000ው በዱቤ የሄደ ነው፤ ገና አልተከፈለም። 9,000ው በስልክ ተልኮ የባንክ ሂሳብዎ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከሽያጭ በእጅዎ የገባው 73,000 ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቀደም ባሉት ወራት ዱቤ የወሰዱ ደንበኞች 5,000 ከፍለዋል። መነሻውን፣ የእጅ በእጅ ሽያጩንና የተመለሰውን ዱቤ ሲደምሩ 86,000 ይመጣል። ከዚህ ላይ የጻፉት 71,000 ወጪ ሲቀነስ 15,000 ይቀራል። ለቤት በተለያየ ቀን ያነሱት ተደምሮ 11,600 ቢሆን፣ መሳቢያው ውስጥ መገኘት ያለበት 3,400 ነው። የተገኘው 3,200 ነው።

እንግዲህ ጎደለ ያሉት 21,800 ወደ 200 ወረደ። የቀረው ሁሉ ያለበት ይታወቃል፤ ከፊሉ በደንበኞች እጅ፣ ከፊሉ ባንክ፣ ከፊሉ ቤት ነው። ደብተርዎ ግን ይህን አልነገረዎትም፣ ምክንያቱም መነሻውን፣ ለቤት የወጣውንና የዱቤውን መመለስ የሚጽፉበት ቦታ የለውም።

መፍትሔው መሳቢያውን የሚከተል መዝገብ ነው። የጥሬ ገንዘብ መዝገብ አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ወደ መሳቢያው የገባ ሁሉ ይጻፋል፣ ከመሳቢያው የወጣ ሁሉ ይጻፋል፣ መሳቢያውን ያልነካ ገንዘብ ግን ገቢና ወጪ ዓምዶቹ ውስጥ አይገባም። ገጹ ላይ ቀን፣ ምክንያት፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ እና ከወጪ ቀሪ የሚሉ ዓምዶች ያስምሩ። ከጎናቸው ወጪውን የሚለዩ ጠባብ ዓምዶች ይጨምሩ፦ የዕቃ ግዢ፣ የሱቅ ወጪ፣ ለቤት፣ ወደ ባንክ። አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው፤ አንዴ በወጪ ዓምድ፣ አንዴ በዓይነቱ ዓምድ። ወሩ ሲያልቅ የጎን ዓምዶቹ ድምር ከወጪው ዓምድ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ያልተለየ ወጪ አለ። ይህ ልፋት የወር ማጠቃለያውን በአንድ ማታ ለመሥራት ያስችልዎታል።

አንድ ቀን እንሥራ። ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ከትናንት የዞረ 1,500 አለ። አንድ ደንበኛ የቆየ ዱቤ 400 ከፈለ። ለዕቃ ማመላለሻ 150 ወጣ። ለቤት 500 ተነሳ። ከሰዓት በኋላ 2,000 ባንክ ገባ። ማታ ሲቆጠር 1,750 ተገኘ። የቀኑ የእጅ በእጅ ሽያጭ ስንት ነው? ማታ የተገኘውንና ቀን የወጣውን ሁሉ ይደምሩ፤ 4,400 ነው። ጠዋት የነበረውንና የተመለሰውን ዱቤ ይቀንሱ፤ ያ 1,900 ነው። የእጅ በእጅ ሽያጩ 2,500 ይሆናል። በዚያው ቀን በስልክ የተላከ 600፣ በዱቤ የሄደ 300 ካለ የቀኑ ጠቅላላ ሽያጭ 3,400 ነው። 600ውና 300ው ግን መሳቢያውን አልነኩም። ከገጹ ግርጌ ለብቻ ይጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ሽያጭን እንዲህ ከማታው ቆጠራ ተነስተው ካሰሉት ጉድለት የሚባል ነገር በፍጹም አይታይም። ከመሳቢያው 200 ቢጠፋ ሽያጩ በ200 ያነሰ ይመስላል እንጂ ደብተሩ ምንም አይልም። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሚያዋጣው ሱቁ ውስጥ ብቻዎን ከሆኑ ነው። እርስዎ ረዳት አለዎት። እያንዳንዱ ሽያጭ ሲፈጸም እዚያው ይጻፍ። የዕቃው ስም ባይጻፍ እንኳ የተከፈለው መጠን በአንድ መስመር ይስፈር። ማታ የሽያጩ ድምር ከመሳቢያው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱም ይታያል።

ልዩነት ሲመጣ አያስተካክሉት። ቀሪው እንዲገጥም ብሎ አንዱን ቁጥር መለወጥ መዝገቡን ዋጋ ያሳጣዋል። «ጉድለት 200» ወይም «ብልጫ 50» ብለው በራሱ መስመር ይጻፉትና የነገውን ገጽ በተቆጠረው ገንዘብ ይጀምሩ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፤ አይደለዝም፣ ገጹም አይቀደድም። እርሳስም አይጠቀሙ።

ስህተቱን ለመፈለግ ሁለት የቆዩ ዘዴዎች አሉ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ 540ን 450 ብሎ መጻፍ 90 ያጎድላል። ሁለተኛው፣ ልዩነቱን ለሁለት ይክፈሉና ያንን ቁጥር በገጹ ላይ ይፈልጉ። በእርስዎ ምሳሌ 200 ለሁለት 100 ነው። የወጣ 100 በስህተት ገቢ ዓምድ ውስጥ ከተጻፈ መዝገቡ በትክክል 200 ያህል ይበልጣል። ሁለቱም ካልሠሩ የዝርዝር መልስ ስህተት ሊሆን ይችላል። አንዴ መጉደል፣ አንዴ መብለጥ የተለመደ ነው። ሁልጊዜ የሚጎድል፣ በተለይም በአንድ ሰው ተራ ወይም በአንድ የተወሰነ ቀን የሚጎድል ከሆነ ግን በቸልታ አይለፉት።

ዱቤ የራሱ ደብተር ይኑረው። ለአንድ ደንበኛ አንድ ገጽ፦ የወሰደው፣ የከፈለው፣ የቀረበት። ዱቤው ዕቃው በወጣበት ቀን ሽያጭ ተብሎ ተቆጥሯል። ገንዘቡ ሲመለስ ደግሞ ሽያጭ ብለው ከጻፉት አንዱን ዕቃ ሁለቴ ሸጡት ማለት ነው። ደንበኛው ሲከፍል መሳቢያው ውስጥ ስለሚገባ በጥሬ ገንዘብ መዝገቡ ገቢ ላይ «የዱቤ ተመላሽ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሽያጭ ድምር ውስጥ ግን አይገባም። ብድርም እንዲሁ ነው። የተበደሩት ገንዘብ ገቢ ሆኖ መሳቢያው ውስጥ ይገባል፣ ሽያጭ ግን አይደለም። ዋናውን ሲመልሱም የሱቅ ወጪ አይባልም። ወጪ የሚባለው ወለዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ሱቁ ስንት አተረፈ? 71,000 ወጪ ያሉትን ሲከፍቱት 60,000ው የዕቃ ግዢ ነው እንበል፤ 11,000ው ኪራይ፣ የረዳት ደመወዝ፣ መብራትና ማመላለሻ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ወጪ አይደሉም። ኪራዩ ተከፍሎ አልቋል። የተገዛው ዕቃ ግን ሁሉም አልተሸጠም፤ ከፊሉ መደርደሪያው ላይ ነው። በሌላ በኩል በዚህ ወር ከተሸጠው ውስጥ ባለፈው ወር የተገዛ ዕቃ አለ። ስለዚህ ማወቅ ያለብዎት ስንት እንደገዙ ሳይሆን የተሸጠው ዕቃ በመግዣው ስንት እንደሆነ ነው። ይህን ያለ ቆጠራ ማወቅ አይቻልም።

ወሩ ሲጀምር ሱቁ ውስጥ በመግዣ ዋጋ 120,000 የሚያወጣ ዕቃ ነበር፣ ሲያልቅ 112,000 ሆነ እንበል። በ120,000ው ላይ የተገዛውን 60,000 ይደምሩ፤ 180,000። ከዚህ የቀረውን 112,000 ይቀንሱ፤ 68,000 ይመጣል። የሸጡት ዕቃ መግዣው ይህ ነው። ከ96,000 ሽያጭ ላይ 68,000 ሲነሳ ያልተጣራ ትርፍ 28,000 ነው። የሱቅ ወጪው 11,000 ሲቀነስ የተጣራው 17,000 ይሆናል። 25,000 አይደለም። የ8,000ው ልዩነት ከመደርደሪያዎ ላይ የጎደለው ዕቃ ነው። ከገዙት በላይ ሸጠዋል፤ ቦታውን ግን አልተኩትም። የዕቃ ግዢን በሙሉ ከሽያጭ የሚቀንስ ሰው መደርደሪያው ሲሳሳ ያተረፈ ይመስለዋል፣ ብዙ ዕቃ ባስገባበት ወር ደግሞ የከሰረ ይመስለዋል። ሁለቱም የተሳሳተ ውሳኔ ያስወስናሉ።

ለቤት የተነሳው 11,600 በዚህ ስሌት ውስጥ እንዳልገባ ልብ ይበሉ። የሱቁ ወጪ አይደለም፤ ከትርፉ ላይ የወሰዱት የራስዎ ድርሻ ነው። ከ17,000 ላይ ሲነሳ 5,400 ሱቁ ውስጥ ቀረ። ይህ ቁጥር እውነት መሆኑን ማጣራት ይቻላል። መሳቢያው ከ8,000 ወደ 3,200 ወርዷል፤ 4,800 ቀነሰ። ባንክ 9,000 ጨመረ። በደንበኞች እጅ ያለው ዱቤ 14,000 ወጥቶ 5,000 ስለተመለሰ 9,000 ጨመረ። ዕቃው 8,000 ቀነሰ። ሁሉንም ሲያቻችሉት 5,200 ጭማሪ ነው። ከ5,400ው ጋር ያለው ልዩነት ያችው የ200 ጉድለት ናት። በወር ማጠቃለያዎ ላይ ይህን ማጣሪያ ሁልጊዜ ይሥሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ ያልተጻፈ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ዕቃ በዱቤ የሰጠዎት አከፋፋይ ነው። ያልከፈሉት ዕቃ መደርደሪያው ላይ ተቆጥሮ ዕዳው ካልተጻፈ ትርፉ ያለ አግባብ ያብጣል። ዕቃው በደረሰበት ቀን ግዢው ውስጥ ያስገቡት፤ በማጣሪያው ላይ ደግሞ ዕዳውን ይቀንሱት።

የረዳትዎ ጉዳይ የሚመለሰውም እዚህ ነው። አንድ ሰው ዕቃ ሸጦ ሳይጽፍ ገንዘቡን ኪሱ ቢከት መሳቢያውና መዝገቡ ፍጹም ይገጥማሉ። ሽያጩ አልተጻፈም፣ ገንዘቡም አልገባም። የጥሬ ገንዘብ መዝገብ ይህን አይይዝም። የሚይዘው ያልተጣራ ትርፍ ከሽያጩ ያለው ድርሻ ነው። በእርስዎ ምሳሌ 28,000 ለ96,000 ሲካፈል ከመቶ 29 ገደማ ነው። ዋጋ አሰጣጥዎ ካልተለወጠ ይህ ድርሻ ከወር ወር ብዙም አይዋዥቅም። 29፣ 28፣ 29 ሲል ቆይቶ 23 ቢሆን ዕቃ ሽያጭ ሳይጻፍለት እየወጣ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሰው ከመወንጀልዎ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች ያጣሩ። የመግዣ ዋጋ ጨምሮ መሸጫውን አላነሱ ይሆናል። ትርፉ አነስተኛ የሆነ ዕቃ በብዛት ሸጠው ይሆናል። ቆጠራው ተሳስቶ ይሆናል። የተበላሸ ዕቃ ተጥሎ አልተመዘገበ ይሆናል። ወይም እርስዎ ራስዎ ለቤት ዕቃ አንስተው አልጻፉም። ይህ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ገንዘብ ማንሳትን የሚጽፍ ሰው እንኳ ከመደርደሪያ የወሰደውን አይጽፍም። መሳቢያውን ስላልነካ በመግዣ ዋጋው ከገጹ ግርጌ «ለቤት» ተብሎ ለብቻ ይመዝገብ፣ ከወሩ የዕቃ ግዢ ድምርም ላይ ይቀነስ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ቆጠራው ላይ ያርፋል ማለት ነው። በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይቁጠሩ። አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። ከአንድ ጥግ ተነስተው መደርደሪያ በመደርደሪያ ይሂዱ፤ በዕቃ ዓይነት እየዘለሉ መቁጠር ያሳስታል። የተከፈተ ካርቶን በፍሬ ይቆጠራል። የተበላሸና ጊዜው ያለፈበት ለብቻ ይጻፋል፣ በድምሩ አይገባም። ዋጋው ሁልጊዜ የመግዣ ነው። በመሸጫ ዋጋ ከቆጠሩ ገና ያልሸጡትን ዕቃ ትርፍ ዛሬ በላሁት ማለትዎ ነው። የመግዣ ዋጋም ቢሆን እርስዎ የከፈሉት እንጂ ገበያው ዛሬ የደረሰበት አይሁን። ይህን ለማወቅ ዕቃ በገባ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ቀኑንና የአንዱን መግዣ በማርከር ይጻፉበት። ካርቶን የሌለው ከሆነ በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በተለጠፈ ወረቀት። ስንዝር በማትሞላ ጽሑፍ የቆጠራው ማታ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል።

በየወሩ ሁሉንም መቁጠር ከከበደ በብዛት የሚሸጡትንና ውድ የሆኑትን በየወሩ፣ የቀረውን በሦስት ወር አንዴ ይቁጠሩ። በመሃሉ ያለው የወር ትርፍ ግን ግምት መሆኑን አይርሱ፤ ማጠቃለያው ላይም «ግምት» ብለው ይጻፉበት። በግምት ትርፍ ላይ ተመርኩዞ ትልቅ ግዢ ማድረግ ወይም ሰው መቅጠር አይበጅም።

ይህ ዘዴ የማይደርስበት ቦታ አለ። ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ዕቃ፣ ለምሳሌ ማቀዝቀዣ ከገዙ፣ ጥሬ ገንዘብ መዝገቡ ላይ በሙሉ በወጣበት ቀን ይጻፋል። የወር ማጠቃለያው ላይ ግን በአንድ ወር ካሳረፉት ያ ወር ያለ ጥፋቱ ይከስራል። ሦስት ዓመት ያገለግላል ካሉ ዋጋውን ለ36 ወራት ያካፍሉት። ከደንበኛ ለመንግሥት የሚሰበስቡት የሽያጭ ግብር ካለም የእርስዎ ገንዘብ አይደለም፤ ለብቻው ዓምድ ይለይ፣ ከሽያጩ ድምር ውስጥ ይውጣ። ሁለተኛ ሱቅ ከከፈቱ፣ ከብዙ አከፋፋዮች በዱቤ የሚገዙ ከሆነ፣ ወይም ሕጉ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዙ የሚያስገድድዎ ከሆነ ይህ ደብተር ብቻውን አይበቃም። የሂሳብ ባለሙያ ይያዙ። ያኔም ቢሆን በቁጥር የተደረደሩ ደረሰኞችና ቀን በቀን የተዘጋ ገጽ ሥራውን ያቀልለታል።

ምክሬ ይህ ነው። አሁን ያለውን ደብተር ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ዝጉትና አስቀምጡት። አንድ የጥሬ ገንዘብ መዝገብ፣ አንድ የዱቤ ደብተርና በወር አንድ ገጽ ማጠቃለያ ብቻ ይያዙ። ከመሳቢያው በፈለጉት ሰዓት ማንሳቱን አቁመው ለራስዎ በሳምንት የተወሰነ መጠን ይመድቡ፣ ያንኑ ብቻ ያንሱ። የመጀመሪያውን ወር 17,000 አተረፍኩ ብለው 17,000 አይውሰዱ፤ ከትርፉ 9,000ው ገና በደንበኞች እጅ ነው፣ መደርደሪያውም 8,000 ይፈልጋል። ረዳትዎን በተመለከተ ሦስት ወር የተቆጠረ ማጠቃለያ ሳይኖርዎት ምንም አይወስኑ። ከአንድ ወር ቁጥር ልማዱን ከእንግዳው መለየት አይቻልም።

ለመጀመር ወሩ እስኪገባ ይጠብቁ። ዋዜማው ማታ መሳቢያውን፣ የባንኩን ቀሪ፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ ዱቤ፣ ለአከፋፋይ ያለብዎትን ዕዳና ዕቃውን በመግዣ ዋጋ ቆጥረው በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ረዳትዎም ሲቆጠር አብሮ ይቁም፣ ገጹ ላይም ሁለታችሁም ፈርሙ።